ግቢ ውስጥ ያነሷት ትንሽ ቡናማ ወፍ ማን ናት? ለጎንደር ነዋሪዎች፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀለማም ወፎች ብዙ አያስቸግሩም። ቢጫዋን ጎጆ ሠሪ፣ አበባ ላይ ተንጠልጥላ የምትመጠውን ባለረጅም ምንቃር፣ ሰማያዊ ደረት ያላትን ትንሽዬ ወፍ አንዴ ያየ ሰው ሁለተኛ አይሳሳትም። የሚያከራክረው ስጥ ላይ የሚወርደው ቡናማው መንጋ ነው። ይህ ገጽ በጎንደር ግቢ፣ አጥርና ጣራ ላይ አዘውትረው ከሚታዩት አራቱን ከአንድ የስልክ ፎቶ ለይቶ ስለማወቅ ብቻ ነው።

ሁሉንም «ድንቢጥ» ብላቸው ምን ችግር አለው?

በአነጋገር ምንም ችግር የለውም፤ አገሩ ሁሉ ትንሽ ቡናማ ወፍን ድንቢጥ ይላል። ነገር ግን ብቅል ሲሰጣ የሚወርዱት ድንቢጦች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት አይደሉም። በአንድ ፎቶ ውስጥ ሦስት ዓይነት ጎን ለጎን ሲለቅሙ ማየት የተለመደ ነው። ለዚህ ገጽ ያህል በሚታየው መልካቸው እንሰይማቸው።

አንደኛዋ ባለግራጫ ራሷ ድንቢጥ ናት። ከአራቱ ትልቋ እሷ ስትሆን ከምንቃር ጫፍ እስከ ጅራት ጫፍ ወደ 16 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች። ሁለተኛዋ ባለነጭ ቅንድቧ ጥሬ ለቃሚ፣ ወደ 13 ሳንቲ ሜትር ናት፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ እምብዛም አትገኝም። ሦስተኛዋ ባለጭረቷ ጥሬ ለቃሚ፣ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር። አራተኛዋ ቀይ ምንቃሯ፣ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ናት። የዚች የመጨረሻዋ ወንዱ ራሱና ደረቱ ቀይ ስለሆነ ቶሎ ይታወቃል፤ ቡናማዋና የምታሳስተው ሴቷ ናት።

ፎቶዎን ከሌሎች ፎቶዎች ጋር ማስተያየት ከፈለጉ ስልክዎ ላይ የሚከተሉትን ስሞች በቅደም ተከተል ይጻፉ፦ Passer swainsonii፣ Crithagra tristriata፣ Crithagra striolata፣ Lagonosticta senegala። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን እ.ኤ.አ. በ1840 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ድረስ መጥቶ ነበር። ስለዚህ አጥርዎ ላይ ያለችው ወፍ ከጎንደር ጋር ያላት ትውውቅ የቆየ ነው።

ፎቶውን ስከፍት መጀመሪያ የቱን ልይ?

ምንቃሯን። ቀለም በብርሃን ይለወጣል፤ መጠን በርቀት ያታልላል፤ አቀማመጥ በየሰከንዱ ይቀያየራል። ምንቃር ግን አጥንትና ቀንድ ስለሆነ ፀሐይም ብርድም ቅርጹን አይለውጠውም።

የአራቱም ምንቃር አጭርና ከሥሩ ሰፋ ያለ፣ ወደ ጫፉ የሚሾል ነው፤ እህል የሚሰብር ወፍ ምንቃር እንዲህ ነው። በፎቶው ላይ ያለው ምንቃር እንደ ወስፌ ቀጭንና ቀጥ ያለ ከሆነ ወፏ ነፍሳት ለቃሚ ናት። ረጅምና ወደ ታች የጎበጠ ከሆነ ደግሞ የአበባ ወለላ መጣጭ ናት፤ የእነዚህ ሴቶቹ ቡናማ ስለሆኑ ብዙ ሰው ከድንቢጥ ይቀላቅላቸዋል። በሁለቱም ጊዜ ከዚህ በታች ያለውን አይከተሉ፤ ወፏ ከአራቱ አንዷ አይደለችም።

እህል ሰባሪ መሆኗ ከታወቀ በኋላ አራቱን ምንቃር እንዲህ ይለዩ። የባለግራጫ ራሷ ወፍራም ነው፤ የላይኛው ጠርዙ ከግንባሯ ጀምሮ ደገን ብሎ ይወርዳል። በመራቢያዋ ወቅት ጥቁር ይሆናል፣ በሌላው ጊዜ የቀንድ ዓይነት ቡናማ ነው። የሁለቱ ጥሬ ለቃሚዎች ከራሳቸው አንጻር ያነሰ ነው፤ በጎን ሲታይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። የቀይ ምንቃሯ፣ ስሟ እንደሚለው፣ ጎንና ጎኑ ወደ ቀይ የሚያደላ ሮዝ ሆኖ የላይኛው ጠርዙ ይጠቁራል።

ምንቃሯ በአንዱ ፎቶ ወፍራም፣ በሌላው ቀጭን መሰለኝ። ለምን?

ፊቷን ወዴት እንዳዞረች ይወስነዋል። ወፏ ፊት ለፊት ስታይዎት የምንቃሯ ርዝመት ወደ እርስዎ ስለሚያመለክት አጥሮና ወፍሮ ይታያል። ከላይ ሲነሳ ደግሞ ስፋቱ እንጂ ከፍታው አይታይም። ስለ ውፍረት መናገር የሚቻለው ጎኗን ሙሉ በሙሉ ስትሰጥ ብቻ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ አንድ ዓይን ብቻ ከታየና የምንቃሯ የላይና የታች ክፍል የሚገጥሙበት መስመር ጥርት ብሎ ከታየ ጎን ነው። ሁለቱም ዓይኖች በከፊል ከታዩ ፎቶውን ለምንቃር አይጠቀሙበት።

ሌላው አሳሳች ነገር ምግብ ነው። ስጥ ላይ የነበረች ወፍ ምንቃሯ መካከል የገብስ ፍሬ ይዛ ሊሆን ይችላል፤ በደበዘዘ ፎቶ ፍሬው የምንቃሩ አካል መስሎ ያወፍረዋል። ከአንድ ቦታ ላይ አምስትና ስድስት ፎቶ አከታትሎ ማንሳት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ በአንዱ ላይ ምንቃሯ ባዶ ይሆናል።

ቀለሟን ስመለከት የትኛው ቦታ ነው የሚያስለይ?

አራት ቦታ ብቻ ይዩ፤ ቅንድብ፣ ደረት፣ ትከሻና ወገብ። ወገብ ስንል ክንፎቿ ከሚገጥሙበት በታች፣ ከጅራቷ ሥር በላይ ያለውን የጀርባ ጫፍ ነው።

ባለግራጫ ራሷ ድንቢጥ ቅንድብ የላትም፤ ራሷ በሙሉ ጭረት የሌለበት ግራጫ ነው፣ ደረቷም ግራጫ ሆኖ ወደ ሆዷ እየነጣ ይሄዳል። ትከሻዋና ወገቧ እንደ ሸክላ አፈር ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ክንፏ ላይ ትንሽ ነጭ ሰረዝ አላት። በብርድ ላባዋን ስትነፋ ይህ ሰረዝ ከጎን ላባ ሥር ይሸፈናልና፣ አለመታየቱ ብቻውን አይጣላት።

ባለነጭ ቅንድቧ ከዓይኗ በላይ አጭር ነጭ መስመር አላት። አገጯ ነጣ ይላል። የቀረው ሁሉ ቡናማ ነው፤ ወገቧም ከጀርባዋ የተለየ ቀለም የለውም። ደረቷ ላይ ይህ ነው የሚባል ጭረት አይታይም። ቢጫም ቀይም የትም የላትም። ምንም ልዩ ነገር የሌላት መምሰሏ ራሱ ምልክቷ ነው።

ባለጭረቷም ቅንድብ አላት፤ ደረቷና ጎኗ ግን በብዕር እንደተሰመረ በጠቆሩ ጭረቶች የተሞላ ነው። የክንፏ ላባ ጠርዝ ላይ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ይታያል፤ ጥሩ ፎቶ ካለዎት ይህን ይፈልጉ።

ቀይ ምንቃሯ ሴት በምንቃሯና በዓይኗ መካከል ትንሽ ቀይ ነጥብ አላት፤ ወገቧም ቀይ ነው። ደረቷ ጎን ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ነጫጭ ነጥቦች ሊኖሩ ይችላሉ፤ በስልክ ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ አይወጡም።

ፎቶው ላይ ደረቷ ጭረት የለውም። ስለዚህ ባለነጭ ቅንድቧ ናት ማለት ነው?

ገና አይወስኑ። ስልክ ካሜራ ምስሉን በዲጂታል ዙም ሲያቀርብ ጥቃቅን መስመሮችን ያልሰዋል፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ የደረት ጭረት ነው። ባለጭረቷ ወፍ በእንዲህ ያለ ፎቶ ላይ ንጹሕ ደረት ይዛ ትወጣለች። ልስላሴው ከወፏ ይሁን ከካሜራው ለማወቅ የተቀመጠችበትን ነገር ይዩ። የብሎኬቱ ሻካራ ፊት፣ የእንጨቱ ቅርፊት ወይም የቆርቆሮው ዝገት ጥርት ብሎ ከታየ ደረቷም እውነቱን ነው። ብሎኬቱ ራሱ እንደ ልስን ግድግዳ ለስልሶ ከታየ ግን ጭረቱን ካሜራው በልቶት ሊሆን ይችላል።

እኛ የምንከተለው መጠን ይህ ነው፦ ወፏ በፎቶው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢያንስ 300 ፒክስል ካልያዘች ስለ ጭረት አንናገርም። ዙም ከማድረግ ሁለት እርምጃ መጠጋትና ፎቶውን በኋላ መቁረጥ ይሻላል። ፎቶውን ለሰው ሲልኩም በቴሌግራም እንደ ተራ ምስል ሳይሆን File በሚለው በኩል ይላኩት፤ አለበለዚያ መተግበሪያው ጨምቆት ጭረቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

ብርሃኑ ቀለሟን ቀይሮት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

በፎቶው ውስጥ ቀለሙን አስቀድመው የሚያውቁትን ነገር ይፈልጉ። ያልተቀባ ብሎኬት ግራጫ ነው። በፎቶው ላይ ብሎኬቱ ወደ ብርቱካን ካደላ የወፏም ግራጫ ራስ ቡናማ ሆኖ ወጥቷል ማለት ነው፤ ከምሽቱ 11 ሰዓት በኋላ በሚነሱ ፎቶዎች ላይ ባለግራጫ ራሷ ድንቢጥ የምትጠፋው በዚህ ነው። ሰማይን ከጀርባ አድርጋ ሽቦ ላይ የተቀመጠች ወፍ ደግሞ ጠቁራ ትወጣለች። ማያ ገጹ ላይ ወፏን በጣት ነክተው ብርሃኑን ከፍ ያድርጉ፤ ሰማዩ ነጥቶ ቢጠፋም ግድ የለም። ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 3 ሰዓት ፀሐይን ከኋላዎ አድርገው ያነሱት ፎቶ ከሁሉም ይሻላል።

መጠኗን ከፎቶ መለካት ይቻላል?

ይቻላል፤ ጎኗን ከሰጠችና የተቀመጠችበትን ነገር መለካት ከቻሉ። አጥር ላይ ላለች ወፍ ብሎኬት ጥሩ መለኪያ ነው፤ የተለመደው ብሎኬት ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ለሌላ ነገር ሜትር ይዘው ሄደው ይለኩ፤ የቆርቆሮው ሞገድ ከጉብታ እስከ ጉብታ፣ የእሾህ ሽቦው ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ።

አንድ ፎቶ ይዘን እንሂድ። ማራኪ አካባቢ ካለ ግቢ፣ ጠዋት፣ በብሎኬት አጥር ጫፍ ላይ የተቀመጠች ቡናማ ወፍ፤ ከታች ብቅል ተሰጥቷል። ፎቶው በስልኩ ማያ ላይ ተለቅ ተደርጎ በማስመሪያ ሲለካ ከሥሯ ያለው ብሎኬት 48 ሚሊ ሜትር፣ ወፏ ከምንቃር ጫፍ እስከ ጅራት ጫፍ 31 ሚሊ ሜትር ሆነች። 31ን በ20 አባዝተን ለ48 ስናካፍል 12.9 ይመጣል፤ 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ባለ 13ቷ ናት» ብሎ መዝጋት ያጓጓል፤ የሚሳሳቱትም እዚሁ ነው። ወፎች በመጽሐፍ የሚሰጣቸው ርዝመት አንገታቸው ተዘርግቶ፣ በጀርባቸው ተጋድመው የተለካ ነው። አጥር ላይ አንገቷን ሰብስባ የተቀመጠች ወፍ ከዚያ አጥራ ትታያለች። በዚያ ላይ ከአጥሩ የኋላ ጠርዝ ላይ ቆማ ከሆነ፣ ከ4 ሜትር ላይ በተነሳ ፎቶ 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ መራቋ ብቻ መጠኗን በ5 ከመቶ ገደማ ያሳንሳል። ስለዚህ 12.9 የሚነግረን አንድ ነገር ነው፤ ቀይ ምንቃሯ አይደለችም፣ ምክንያቱም የፎቶ ልኬት ያሳጥራል እንጂ ባለ 10ዋን 13 አያደርጋትም። የቀሩት ሦስቱም ገና አልወጡም።

ወደ ምንቃሯ ተመለስን። ጎኗን ሰጥታለች፣ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል፣ ምንቃሯ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ነው። ራሷ ግራጫ አይደለም፤ ብሎኬቱ ግን ትክክለኛ ግራጫ ሆኖ ወጥቷል፣ ስለዚህ ቀለሙን እናምናለን። ባለግራጫ ራሷ ወጣች። ከዓይኗ በላይ ነጭ መስመር አለ፤ ሁለቱም ጥሬ ለቃሚዎች ቅንድብ ስላላቸው ይህ አይለያቸውም። የቀረው ደረት ነው። ብሎኬቱ ላይ የአሸዋው ቅንጣት ሳይቀር ይታያል፣ የወፏ ደረት ግን ንጹሕ ነው። ክንፏ ላይ አረንጓዴ ጠርዝ የለም። ባለነጭ ቅንድቧ ጥሬ ለቃሚ ናት። መጠኑ የመጨረሻውን ቃል አልተናገረም፤ መንገዱን ብቻ አጠበበ።

የአቀማመጧ ነገርስ?

አቀማመጥ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም፤ በሌላ ምልክት የደረሱበትን ለማጽናት ይጠቀሙበት። ባለግራጫ ራሷ ደረቷን ገልብጣ ቀና ብላ ከፍ ያለ ቦታ መቀመጥ ትወዳለች፤ የጣራ ጫፍ፣ የአጥር ራስ፣ ጎጆዋን ከምትሠራበት የግድግዳ ቀዳዳ አጠገብ። ጥሬ ለቃሚዎቹ ሲመገቡ ጎንበስ ብለው፣ ጀርባቸው ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ይታያሉ። ቀይ ምንቃሯ መሬት መሬቱን ትሄዳለች፤ ማድ ቤት ደጃፍ ድረስ መጥታ እግር ሥር ትለቅማለች።

በጎንደር የጠዋት ብርድ ማንኛዋም ወፍ ላባዋን ነፍታ አንገቷን ስለምትቀብር ክብ ኳስ ትመስላለች። በዚያ ሰዓት ትልቋን ከትንሿ በቅርጽ መለየት አይቻልም። ፀሐይ ሞቅ እስኪላት ይጠብቁና ድጋሚ ያንሷት።

ወንዷንና ሴቷን መለየት ይቻላል?

ከአራቱ በፎቶ የሚቻለው በቀይ ምንቃሯ ላይ ብቻ ነው፤ ወንዱ ቀይ፣ ሴቷ ቡናማ። የባለግራጫ ራሷ ሁለቱም ጾታዎች አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። በሌላ አገር ድንቢጥ ወንዶች ላይ የሚታየውን ጥቁር የጉሮሮ ምልክት እሷ ላይ አይፈልጉ፤ የላትም።

ጫጩት ትሆን?

የአፏን ማዕዘን ይዩ። ከምንቃሯ ሥር፣ አፏ በሚገጥምበት ጥግ ላይ ያበጠ ቢጫ ከንፈር የሚመስል ነገር ካለ ከጎጆ ከወጣች ብዙ ያልቆየች ናት። ጅራቷም ገና አጭር ስለሚሆን የርዝመት ልኬቱ አይሠራም። በተለይ የቀይ ምንቃሯ ልጅ ታሳስታለች፤ ምንቃሯ ገና ጥቁር ነው፣ ፊቷ ላይ ቀይ ነጥብ የለም። ወገቧ ግን ያን ጊዜም ቀይ ነው። ስትበር ወይም ጎንበስ ስትል ከኋላ የተነሳ አንድ ፎቶ ይህን ይፈታል።

ከአራቱ ከአንዳቸውም ጋር አልገጠመችም።

አናቷ ላይ ከግንባር ወደ ኋላ የሚሄዱ ጥቁርና ነጣ ያሉ መስመሮች ካሉ፣ በመራቢያ ወቅት ወንዶቻቸው የሚጠቁሩ ወይም ረጅም ጅራት የሚያወጡ ወፎች ሴት ልትሆን ትችላለች። እነዚህ ወፎች እንቁላላቸውን በሌላ ወፍ ጎጆ ስለሚጥሉ፣ አንዷ ዓይነት ልጆቿን የምታሳድግላት ይህችው ቀይ ምንቃሯ ናት፤ በአንድ ግቢ ሁለቱን ማየት አያስገርምም። ምንቃሯ እህል ሰባሪ ሆኖ ረዘም ካለና ሆዷ ወደ ቢጫ ካደላ ጎጆ ሠሪዋን ቢጫ ወፍ ያስቡ፤ ከመራቢያ ወቅት ውጭ ብዙዎቹ ይደበዝዛሉ። ጅራቷ ከሰውነቷ እጅግ የሚረዝም፣ ራሷ ላይ ጉትዬ ያላት፣ ቅርንጫፍ ላይ እንደ አይጥ የምትንጠለጠል ቡናማ ወፍ ደግሞ እህል ሰባሪ አይደለችም፤ ፍራፍሬና ቅጠል የምትበላ፣ በጅራቷ ርዝመት ብቻ የምትታወቅ ሌላ ወፍ ናት።

ለሌላ ሰው አሳይቼ እንዲለይልኝ ስፈልግ ስንት ፎቶ ልላክ?

ሦስት ይበቃሉ፤ ጎኗን የሰጠችበት፣ ጀርባዋና ወገቧ የሚታይበት፣ የተቀመጠችበት ነገር ሙሉ ሆኖ የተካተተበት። ከእነሱ ጋር ሰዓቱን፣ ምን ላይ እንደነበረችና የዚያን ነገር ልክ በሳንቲ ሜትር ይጻፉ። ፎቶውን በማሳመሪያ መተግበሪያ አይንኩት፤ ቀለም ሲደምቅ የባለነጭ ቅንድቧ ቡናማ ክንፍ አረንጓዴ ጠርዝ ያወጣና ሌላ ወፍ ያደርጋታል።

ሁሉንም አይቼ በሁለቱ ጥሬ ለቃሚዎች መካከል ብቀርስ?

«ጥሬ ለቃሚ፣ ደረቷ ያልታየ» ብለው ይመዝግቡ፤ ይህ ትክክለኛ መልስ ነው። ስጡ ነገም ይሰጣል፣ ወፏም ወደ ለመደችው አጥር ትመለሳለች። በሚቀጥለው ጊዜ ካሜራውን ደረቷ ላይ ያነጣጥሩ፤ ከሁለቱ የትኛዋ እንደሆነች የሚናገረው እሱ ብቻ ነው።